ስለ በጀት የገቡት ቃል ከአዳራሹ እንዲወጣ፦ ለአዲሱ ከንቲባችንና ለምክር ቤቱ

ለተከበሩ የከተማችን ከንቲባ
ለተከበሩ የከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤና አባላት
ግልባጭ፦ ለከተማው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ ለቀበሌ አስተዳደሮችና ለዕድር ዳኞች

ጉዳዩ፦ ስለ በጀት ግልጽነትና ለነዋሪው በየጊዜው ስለሚቀርብ ሪፖርት በምክር ቤቱ ፊት የተሰጠውን ቃል ይመለከታል

ክቡር ከንቲባ፣

ምክር ቤቱ ሲመርጥዎ ያደረጉትን ንግግር ብዙዎቻችን ከአዳራሹ ውጭ ቆመን በድምፅ ማጉያ ተከታትለነዋል። ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ሥራ አጥ ወጣቶች ብዙ ተናግረዋል። እኔን ለዚህ ደብዳቤ ያነሳሱኝ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ የከተማው በጀት ለነዋሪው ግልጽ እንደሚሆንና የት እንደዋለም በየጊዜው ለሕዝብ ሪፖርት እንደሚቀርብ ተናግረዋል። ሰው ያጨበጨበውም እዚያ ላይ ነው።

እኔ በመንግሥት ሂሳብ ሥራ ላይ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ የዚህ አገር ሰው ነኝ። የከተማውን ስም በደብዳቤው ላይ ያልጻፍኩት አስቤበት ነው። የማነሳው ጉዳይ ከብቸና እስከ ሞጣ፣ ከዚያም እስከ ዓባይ ዳር ባሉት ከተሞች ሁሉ የሚታይ ስለሆነ አንዱን ነጥሎ መውቀስ አግባብ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ቃል ሲሰጥ የሰማሁትም ዛሬ የመጀመሪያዬ አይደለም። ያሳዘነኝ ነገር ቃሉን የሰጡት ሰዎች መዋሸታቸው አይደለም፤ አብዛኞቹ ከልባቸው ነበር። ቃሉ የጠፋው ከምክር ቤቱ አዳራሽ እስከ ቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ባለው መንገድ ላይ፣ በሪፖርት አዘገጃጀታችን ውስጥ ነው። እንዴት እንደሚጠፋ በቅርብ ስለማውቀው ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ይህ አገር ስለ ግብርና ስለ ሂሳብ ያለውን ትዝታ ላስታውስ። ኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት የተነሣውን አመፅ ከመሩት አውራጃዎች መካከል ሞጣና ብቸና ነበሩበት። ገምጋሚዎች መጥተው የገበሬውን ገቢ እንዲገምቱ ሲታዘዝ ሕዝቡ አላስገባም አለ። ነገሩ እስከ ጦር መዝመትና እስከ አውሮፕላን ድብደባ ደረሰ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አንሥተው፣ ውዝፉን ግብር ምረው ነገሩን አበረዱት። ይህን ታሪክ የሚያነሡ አንዳንድ ሰዎች «ጎጃሜ ግብር አይወድም» ብለው ይደመድማሉ። እኔ እንዲህ አላየውም። ገበሬው የፈራው የሚለካው ርስቱ በኋላ ምን እንደሚደረግበት የሚነግረው ሰው ስላላገኘ ነው። አባቶቻችን አልከፍልም ያሉት የማያውቁትን ስሌት ነው። የዛሬው ነጋዴ የቤትና የቦታ ግብሩን፣ የንግድ ፈቃድ ማደሻውንና የሊዝ ክፍያውን አምጥቶ ይከፍላል። ከፍሎ ሲያበቃ ግን ያው የአያቶቹ ጥያቄ ይቀረዋል፦ የት ገባ?

ክቡር ከንቲባ፣ ለዚህ ጥያቄ ለዓመታት ስንሰጥ የኖርነው መልስ በመቶኛ ነው። «የካፒታል በጀት አፈጻጸም 95 በመቶ ደርሷል» እንላለን። ይህ ቁጥር ሐሰት ሳይሆን ምን ያህል እንደሚደብቅ ለማሳየት አንድ ጉዳይ ከመነሻው እስከ መድረሻው ልከተል። የማስቀምጣቸው ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ ለምሳሌ ያመጣኋቸው ናቸው፤ አካሄዱን ግን በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ከገበያው ጀርባ፣ የእህል ነጋዴዎቹ መጋዘኖች ባሉበት በኩል፣ ለ400 ሜትር የውሃ መውረጃ ቦይ ይታቀዳል እንበል። ሰው ሁሉ «ዲቹ» ብሎ የሚጠራው ነው። ምክር ቤቱ በሐምሌ 3 ሚሊዮን ብር ያጸድቃል። ነጋዴዎቹም ይሰማሉ፤ ደስ ይላቸዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የጤፉን ኩንታል ከወለል ላይ አንሥተው በርብራብ ላይ መደርደር ሰልችቷቸዋልና። ከዚያ የድጎማው ገንዘብ ይዘገያል፣ ጨረታው ይዘገያል፣ የሲሚንቶ ዋጋ ይጨምራል፣ ተቋራጩም ባቀረበው ዋጋ አልሠራም ይላል። የካቲት ላይ ዲቹ ገና አልተጀመረም። በዚያው ወር ደግሞ ለዋናው አደባባይ ማስዋቢያ ገንዘብ ያስፈልጋል። ከዲቹ ላይ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ወደ አደባባዩ ይዛወራል። ሁለቱም የካፒታል ሥራዎች ናቸው፤ ሥልጣኑ ያለው አካል ከፈረመበት ዝውውሩ ሕግ አልጣሰም። ለዲቹ የቀረው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ነው። ከዚህ ላይ እስከ ሰኔ 30 ድረስ 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር ይከፈላል።

አሁን ሪፖርቱ ይዘጋጃል። የሂሳብ ሠራተኛው የተከፈለውን 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ለ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ያካፍልና 95 በመቶ ያገኛል። ስሌቱ ትክክል ነው። ምክር ቤቱ በሐምሌ ካጸደቀው 3 ሚሊዮን አንጻር ቢሰላ ግን አፈጻጸሙ 38 በመቶ ብቻ ነበር። ሜትር ይዞ ወደ ቦታው የሚወርድ ሰው ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ቁጥር ያገኛል። ከተከፈለው ውስጥ ቅድመ ክፍያ አለበት፤ ተቋራጩ ሥራ ሳይጀምር የሚወስደውና በየክፍያ ሰርተፍኬቱ ቀስ በቀስ የሚቀነስለት ገንዘብ ነው። ስለዚህ የተቆፈረውና በድንጋይ የተገነባው 120 ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህም 30 በመቶ ነው።

አንድ ዲች ሦስት ቁጥር አለው ማለት ነው፦ 95፣ 38 እና 30። ለሕዝብ የሚነበበው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ነጋዴው በክረምቱ የተረፈውን 280 ሜትር በጎርፍ ያውቀዋል፤ በአዳራሹ ግን 95 በመቶ ሲባል ይሰማል። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ሰው ከመንግሥት ሰው አፍ የሚወጣ ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው ብሎ ይደመድማል። በእኔ እምነት ይህ ገንዘብ ከመጥፋት የባሰ ጉዳት ነው፤ በዚህ ምሳሌ ውስጥ አንድም ብር የሰረቀ ሰው ሳይኖር እምነት ጠፍቷልና።

በእነዚህ ከተሞች ያሉ ሽማግሌዎች ሞጣን ከአንዳቤት ጋር ያገናኝ የነበረውን ሰባራ ድልድይ ያውቁታል። ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የቆመው ድልድይ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ መሐሉ ፈረሰ፤ ከዚያም ወዲያ ሰው በገመድ እየተሳበ ዓባይን ሲሻገር ኖረ። በ1994 ዓ.ም. ተጠገነ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በኋላ ከፍ ብሎ በሽቦ የተንጠለጠለ የእግረኛ መሻገሪያ ተሠራ። የድልድይ ስብራት ከሩቅ ይታያል፤ ለማወቅ ሪፖርት አያስፈልግም። የካቲት ላይ በአንድ ፊርማ የተዛወረ በጀት ግን ካልተነገረ በስተቀር ማንም አያየውም። የእርስዎ ቃል ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ነው።

የሚገርመው መረጃው አለመጥፋቱ ነው። የገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች የሚሠሩበት አይቤክስ የሚባለው የሂሳብ ሥርዓት የጸደቀውን በጀትም የተስተካከለውንም ለየብቻ ይይዛል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ተመርጦ ወደ ሪፖርቱ የሚገባው በልማድ ነው፤ የሚያምረው መቶኛ ይመረጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ምንም ተጨማሪ በጀት፣ ምንም ተጨማሪ ሠራተኛ የማይፈልግ ነው። ለሕዝብ በሚቀርበው ሪፖርት ላይ ለእያንዳንዱ የካፒታል ሥራ በሐምሌ የጸደቀው፣ ከዝውውር በኋላ የተስተካከለው፣ የተከፈለውና በቦታው ተለክቶ የተገኘው ሥራ ጎን ለጎን ይጻፉ። ዝውውር ካለ ከየት ወደ የት እንደሄደና ምክንያቱ በአንድ መስመር ይገለጽ። ዝውውር ይቅር አላልኩም፤ ሲሚንቶ ይወደዳል፣ ተቋራጭ ይጠፋል፣ አስተዳዳሪ መወሰን አለበት። የምጠይቀው ውሳኔው እንዲታይ ነው።

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

ሁለተኛው ቅሬታዬ የከተማው ገንዘብ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ስለማይገኝ ነው። አብዛኛው ነዋሪ «በጀት» ሲባል አንድ ካዝና ይመስለዋል። እንደምታውቁት ግን ቢያንስ ሦስት ምንጭ አለ። አንደኛው ከክልሉ በቀመር ተሰልቶ የሚመጣው ድጎማ ሲሆን አብዛኛው ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ ይውላል። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤቱ የራሱ ገቢ ነው፤ ሊዙ፣ የቤትና የቦታ ግብሩ፣ የቄራው፣ የገበያውና የአገልግሎት ክፍያው። ሦስተኛው ደግሞ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት ክፍልና ለመሳሰለው ከነዋሪው የሚሰበሰበው መዋጮ ነው።

ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ነዋሪው በቀጥታ ከኪሱ ያወጣው ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን አይታዩም። መዋጮው በተለይ ያሳስበኛል። አንድ ሰፈር ለኮብልስቶን መንገድ ሲያዋጣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ገንዘቡ ባንክ ይገባል። መንገዱ ሲያልቅ፣ አንዳንዴም ሳያልቅ፣ ኮሚቴው ይበተናል። የስንት ብር ደረሰኝ እንደተቆረጠ፣ ስንት ጥራዝ ከነጉርዱ እንደተመለሰ፣ በባንክ ስንት እንደቀረ የሚናገር የለም። ከተማው መንገዱን በሪፖርቱ ላይ ከሠራቸው ሥራዎች ጋር ይቆጥረዋል፤ የሕዝቡን ድርሻ ግን በብር አይጽፍም። በዚህ የተነሣ ሰው ለሚቀጥለው መዋጮ ሲጠየቅ ፊቱን ያዞራል፤ እኛም «ሕዝቡ ተሳትፎው ቀነሰ» ብለን እንጽፍበታለን።

ከመዋጮ ደረሰኝ የቀለለ የግልጽነት መነሻ የለም። የጥራዙ የመጀመሪያና የመጨረሻ ተከታታይ ቁጥር፣ የተሰበሰበው ድምር፣ የወጣውና የቀረው በሰፈሩ ዕድር ስብሰባ ላይ ቢነበብ፣ ደረሰኙን በቤቱ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ የራሱ ቁጥር በዚያ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጣል። ቁጥሩ ከጥራዙ ውጭ ከሆነ ያን ጊዜውኑ ይታወቃል። ለዚህ ኦዲተር ከባሕር ዳር እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

በጀት መለጠፍ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከ1997 ምርጫ በኋላ በተፈጠረው ቀውስ ለጋሽ አገሮች ለመንግሥት በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቆሙ፤ በምትኩ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም የተባለው መጣ። ከፕሮግራሙ ጋር ወረዳዎችና ከተሞች በጀታቸውን ቀለል ባለ ሠንጠረዥ ለሕዝብ እንዲለጥፉ፣ ነዋሪውም ስለ በጀት መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኝ ተደረገ። ሥራው ጥሩ ነበር። ድካሙም እዚያው ውስጥ ነበር፤ ሠንጠረዡ የሚለጠፈው ነዋሪው ስለጠየቀ ሳይሆን የበላይ አካል የማረጋገጫ ፎቶግራፍ ስለሚፈልግ ነበር። አንዳንድ ቦታ ወረቀቱ የጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ውስጥ፣ ሠራተኛ ብቻ በሚያልፍበት፣ በትንንሽ ፊደል ተለጥፎ እስኪገረጣ ቆይቷል። በሐምሌ የጸደቀው ይለጠፋል፤ በሰኔ የተፈጸመው ግን አይለጠፍም። ግማሽ ሂሳብ ነው፤ እገዛለሁ ያሉትን ተናግሮ የገዙትን አለመናገር።

በትላልቅ ከተሞች ችግሩ ሌላ መልክ አለው። በአዲስ አበባ ወይዘሮ አዳነች አቤቤ መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በምክር ቤቱ ከንቲባ ሆነው ከተመረጡ ወዲህ የከተማዋ በጀት ከዓመት ዓመት አድጎ ለ2018 ከ350 ቢሊዮን ብር በላይ ጸድቋል። ድምሩን ሬዲዮ የሚሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ አንድ የወረዳ ነዋሪ ከዚያ ድምር ላይ ተነሥቶ የሰፈሩን ቦይ ማግኘት አይችልም። እኛ ትንሽ ከተማ መሆናችን እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የካፒታል ሥራዎቻችን ሁሉ ተዘርዝረው ከአንድ ትልቅ ወረቀት አያልፉም፤ እያንዳንዳቸውም በእግር ተሄዶ የሚታዩ ናቸው።

ልጠፋ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያመጣ ከኡጋንዳ የታየ ነገር አለ። በ1990ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት መጀመሪያ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር የሚልከው ገንዘብ ሲጠና በአማካይ ወደ ትምህርት ቤቶቹ የደረሰው 13 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቀሪው በየአውራጃው ቀርቷል። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለእያንዳንዱ አውራጃ የላከውን በጋዜጣ ማውጣት፣ ትምህርት ቤቶቹም የተቀበሉትን በበራቸው ላይ መለጠፍ ጀመሩ። በ2001 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ድጋሚ ሲጠና የደረሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆኗል። ለውጡ በሙሉ የጋዜጣው ውጤት ነው ማለት እንደማይቻል፣ በዚያ ዘመን ሌሎች የፋይናንስ ማሻሻያዎችም እንደነበሩ የሞገቱ አሉ፤ ትክክል ናቸው። ሆኖም ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እወስዳለሁ። የተለጠፈው የአገሪቱ የትምህርት በጀት ድምር አልነበረም፤ «ለእናንተ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ተልኳል» የሚል ወላጅ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ሊነጋገርበት የሚችል ቁጥር ነበር።

ስለዚህ ክቡር ከንቲባ፣ በንግግርዎ «በየጊዜው» ያሉትን ቀን ይስጡት ብዬ እለምናለሁ። የበጀት ዓመቱ ሩብ ዓመታት የታወቁ ናቸው፤ የመጀመሪያው መስከረም 30፣ ሁለተኛው ታኅሣሥ 30፣ ሦስተኛው መጋቢት 30፣ አራተኛው ሰኔ 30 ይዘጋል። የወሩ ሂሳብ ተዘግቶ ለዞን የሚላክበት ጊዜ ስላለ፣ ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንኑ በሕዝብ ቋንቋ አሳጥሮ መለጠፍ ይቻላል። የሚለጠፈውም ቢሮ ውስጥ ሳይሆን በገበያው መግቢያ፣ በመናኸሪያውና በጤና ጣቢያው በር ላይ በትልልቅ ፊደል ይሁን። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ፣ በየዕድሩም በወር ስብሰባ ላይ ይነበብ።

የአራተኛውን ሩብ ዓመት ሪፖርት በተለየ ዓይን እዩት። በዘጠኝ ወር ውስጥ ግማሹ ያልወጣ በጀት በሰኔ ብቻ ተጠናቆ ከተገኘ፣ የተገዛውና የተከፈለው በጥድፊያ ነው ማለት ነው። በሂሳብ መደብ 6217 የተያዘው ነዳጅና ቅባት፣ በ6231 የተያዘው ውሎ አበል በዚያ ወር እንዴት እንደሚዘሉ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ይነግሯችኋል። ወጪው በየወሩ ተለይቶ ቢለጠፍ ይህ ዝላይ በአንድ እይታ ይታያል። «ልዩ ልዩ» ወይም «ሌሎች» የሚል መስመር ከዋና ዋናዎቹ የሚበልጥ ሆኖ ሲገኝም ምክር ቤቱ ሳይዘረዘር እንዳይቀበለው እጠይቃለሁ።

የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ለእርስዎም የተለየ ጥያቄ አለኝ። ሪፖርቱ ለአባላቱ የሚታደለው ጉባኤው በሚከፈትበት ጠዋት ከሆነ፣ አባሉ የሚያነበው ሪፖርቱ እየተነበበ ነው፤ የሚጠይቀውም የሚያመሰግነውም ከሰማው ተነሥቶ ነው። ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ይድረሳቸው። በዚያ ሳምንት እያንዳንዱ አባል በመረጠው ቀበሌ ያለውን አንድ ሥራ ሄዶ ይመልከት፤ ዲቹን በእርምጃ ይለካ፤ የውሃ ቦኖው ይሠራ እንደሆነ ከፍቶ ይይ። ከዚያ በጉባኤው ላይ የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ይሆናል። የኦዲት ግኝት ሲመጣም ግኝቱና የተወሰደው እርምጃ አብረው ለሕዝብ ይገለጹ፤ «ለቀጣይ ይስተካከላል» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ውስጥ አይቅር።

ይህን ሁሉ የምጠይቀው እንደ ችሮታ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ያስቀምጣል። የከለከለ ኃላፊ ካለ አቤቱታው እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። በከተሞቻችን ግን አንድ ሰው የበጀት ወረቀት ልይ ብሎ ወደ ቢሮ ሲሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ላከህ?» የሚል ነው። እኔ ራሴ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በአንድ ቢሮ ይህ ደርሶብኛል። ያስተናገደችኝ ልጅ ክፋት አልነበራትም፤ ወረቀቱን ብታሳየኝ ማን እንደሚቆጣት ስለማታውቅ ፈራች። ለእርሷ ያለው መድኃኒት የእርስዎ ፊርማ ያለበት አጭር መመሪያ ነው፤ የጸደቀውን በጀት፣ የሩብ ዓመት ሪፖርቱንና የጨረታ አሸናፊዎችን ዝርዝር ለጠየቀ ነዋሪ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ እንድታሳይ የሚፈቅድ።

በክልላችን ያለው የጸጥታ ችግር ይህን ሁሉ እንዳከበደው አውቃለሁ። ካለፉት ዓመታት ወዲህ ስብሰባ መጥራት አስቸጋሪ ሆኗል፤ መንገድ ይዘጋል፣ ባንክ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል፣ ሠራተኛውም ስጋት ውስጥ ነው። «በዚህ ጊዜ ስለ በጀት ሰሌዳ ታወራለህ ወይ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ወሬ ከገንዘብ ይቀድማል፤ ያልተለጠፈ ብር ሁሉ በአንድ ሰው ኪስ እንደገባ ይነገራል፤ በሐሜቱም የሚጎዱት ብዙ ጊዜ ንጹሐን የሂሳብ ሠራተኞች ናቸው። ሥራው በችግሩ ምክንያት ካልተሠራ «ያልተሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ገንዘቡም በዚህ ሂሳብ ይገኛል» ብሎ መለጠፍ ሠራተኛውንም ከተማውንም ይጠብቃል። ወረቀትና ማጣበቂያ ኢንተርኔት አይፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። እንዲህ ዓይነት ሪፖርት ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ወራት ለአስተዳደሩ ደስ የሚያሰኙ አይሆኑም። 95 ሲባል የኖረው በአንድ ጊዜ 38 ተብሎ ይታያል፤ ከጎረቤት ከተማ ጋር ሲነጻጸርም ከተማችን የሰነፈች ትመስላለች። በዞን ግምገማ ላይ ዝቅ ብላችሁ ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት አሠራሩ መለወጡን ለዞኑም ለነዋሪውም አስቀድማችሁ ንገሩ። ነዋሪው ዝቅ ያለውን እውነተኛ ቁጥር እንደሚታገሥ አልጠራጠርም፤ ዲቹ የት እንደደረሰ ድሮም ያውቃልና።

ከሁሉ በፊት የምጠብቀው አንዲት ወረቀት ናት። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት መስከረም 30 ይዘጋል። ጥቅምት 15 ላይ በገበያው መግቢያ የከተማው የካፒታል ሥራዎች ዝርዝር፣ የጸደቀላቸው፣ የተስተካከለላቸው፣ የተከፈለላቸውና በቦታው የተለካው ሥራ ተጽፎ ተለጥፎ ባገኘው፣ ለቃልዎ ያለኝን ክብር ለሰፈሬ ሰው ሁሉ እመሰክራለሁ። ዝርዝሩን በማዘጋጀት፣ በዕድር ስብሰባ ላይም በማንበብና በማስረዳት የሚያግዝ ሰው ካስፈለገ እኔና በዚህ ሙያ የቆዩ ሌሎች ጡረተኞች ያለ ክፍያ ዝግጁ ነን። ወረቀቱ በተባለው ቀን መውጣት ካልቻለም ምክንያቱና አዲሱ ቀን በዚያው ሰሌዳ ላይ ይገለጽልን ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር

የከተማው ነዋሪና ጡረተኛ የመንግሥት ሂሳብ ሠራተኛ